ኢንሹራንሱ ከከፈለ በኋላ የሚመጣው ደብዳቤ

(በፍራንክፈርትና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እሑድ ከሰዓት በኋላ የቀረበ ንግግር፤ ተናጋሪው ለንባብ እንዲመች አስተካክለውታል።)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት አንድ ደብዳቤ ነው። የባለቤቱን ስምና የመዝገቡን ቁጥር በጥቁር ቀለም አጥፍቻለሁ፤ ባለጉዳዩም እንዳነበው ፈቅዶልኛል። ደብዳቤው አጭር ነው። መጀመሪያ «በተጠቀሰው ቀን ለደረሰው አደጋ ለተጎጂው 11,000 ዩሮ ከፍለናል» ይላል። ቀጥሎ «በዚያ ሰዓት መኪናውን ይነዳ የነበረው ሰው በጀርመን የሚያስፈልገው የመንዳት ፈቃድ አልነበረውም» ይላል። መጨረሻ ላይ «ስለዚህ 5,000 ዩሮ በ14 ቀን ውስጥ ከታች ወደተጻፈው ሒሳብ እንዲያስገቡ እንጠይቃለን» ብሎ ይዘጋል።

ደብዳቤው የደረሰው አደጋው ከሆነ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ነው። ሰውየው ነገሩ ያለቀ መስሎት ረስቶታል። ተጎጂው ተከፍሎታል፣ መኪናው ተጠግኗል፣ ፖሊስም መዝገቡን ዘግቷል። ስልክ ደውሎልኝ መጀመሪያ ያለኝ ነገር አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ኢንሹራንስ አለኝ እኮ! ታዲያ በየወሩ የምከፍለው ለምኑ ነው?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። እኔም በካሳ ክፍል ስሠራ በኖርኩባቸው ዓመታት ከወገኖቻችን አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ይህንኑ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ኢንሹራንስ ስንል አንድ ነገር አድርገን የምናስበውን ለሁለት መክፈል አለብን።

በመጀመሪያ ግዴታ የሆነው አለ፤ ጀርመኖች ሃፍትፍሊኽት የሚሉት። በአገራችን «ሦስተኛ ወገን» የምንለው ነው፤ መጠኑ ግን ሌላ ነው። የእኛ የሦስተኛ ወገን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞትና ለአካል ጉዳት የተቀመጠው የካሳ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። እዚህ ጀርመን ሕጉ ለአካል ጉዳት የሚጠይቀው ዝቅተኛ ሽፋን 7.5 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ይህ ኢንሹራንስ የተሠራው ለእናንተ ሳይሆን እናንተ ለምትጎዱት ሰው ነው። ተጎጂው እናንተን ሳይነካ በቀጥታ ኢንሹራንሱን መክሰስ ይችላል። እናንተ ከኢንሹራንሱ ጋር የፈለጋችሁትን ያህል ብትበላሹ፣ ሰክራችሁም ይሁን ያለ ፈቃድ ብትነዱ፣ ለተጎጂው መከፈሉ አይቀርም። የጀርመን የኢንሹራንስ ውል ሕግ አንቀጽ 117 ይህን ግልጽ አድርጎ ጽፎታል፦ ኢንሹራንሱ ለደንበኛው ያለበት ግዴታ ቢወድቅም ለሦስተኛው ወገን ያለበት አይወድቅም።

ሁለተኛው ካስኮ የሚባለው ነው። ታይልካስኮ ለስርቆት፣ ለእሳት፣ ለበረዶና ለመሳሰለው ነው፤ ፎልካስኮ ደግሞ በራሳችሁ ጥፋት የተሰበረውን የራሳችሁን መኪና ጭምር ያስጠግናል። ይህ በፈቃዳችሁ የምትገዙት፣ ለእናንተ ለራሳችሁ የሆነ ሽፋን ነው። እዚህ ላይ ሊጠበቅ የሚገባው ሌላ ተጎጂ የለም። ስለዚህ ኢንሹራንሱ «አልከፍልም» ሲላችሁ እውነትም አይከፍልም።

ልዩነቱ ይህ ነው። ውል አፍርሳችሁ አደጋ ብታደርሱ፣ በካስኮው በኩል ገንዘቡ ወይ ጭራሽ አይወጣም ወይ ተቀንሶ ይወጣል፤ በሃፍትፍሊኽቱ በኩል ግን ገንዘቡ ወጥቶ ለተጎጂው ከደረሰ በኋላ ኢንሹራንሱ ፊቱን ወደ እናንተ ያዞራል። ጀርመኖች ይህን ሬግሬስ ይሉታል። ደብዳቤው ዘግይቶ የሚመጣውም ለዚህ ነው፤ መጀመሪያ መክፈል፣ ቀጥሎ መዝገቡን መመርመር፣ ከዚያ መጠየቅ።

አሁን ወደ ደብዳቤው ባለቤት ልመለስ። የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ብዙዎቻችን ጋሼ እንለዋለን። የእህቱ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ እሱ ቤት አረፈ፤ ወደ ከተማው አስተዳደር ወስዶ ያስመዘገበውም ራሱ ጋሼ ነው። ከዘጠኝ ወር በኋላ አንድ ማታ ልጁ «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ከኤርፖርት የምቀበለው ሰው አለ፤ መኪናዎትን ቢያውሱኝ» ይለዋል። ጋሼም የማይረሳውን ጥያቄ ጠየቀ፦ «መንጃ ፈቃድ አለህ አይደል?» ልጁ ከኪሱ አውጥቶ አሳየው። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ነው፤ ጊዜው አላለፈም፣ ሊያልፍም ገና ሁለት ዓመት ይቀረዋል። ልጁ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት ነድቷል። ጋሼ ቁልፉን ሰጠው።

ልጁ አልጠጣም፤ በፍጥነትም አልነዳም። መብራት ላይ የቆመች መኪና ከኋላ ገጫት፤ ስልክ ጠርቶ ዓይኑን አንስቶ ነበር። የተገጨችው መኪና ጥገና 6,400 ዩሮ፣ የገማቹና የኪራይ መኪናው 1,300፣ አሽከርካሪዋ አንገቷን ስላመማት ለሕክምናና ከሥራ ለቀረችባቸው ቀናት 3,300። ድምሩ 11,000 ዩሮ ሆነ። የጋሼ መኪና ጥገና ደግሞ 6,800 ዩሮ ወጣበት።

ፖሊሱ መንጃ ፈቃዱን አገላብጦ አየና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «ጀርመን መኖር የጀመርከው መቼ ነው?»

ብዙዎቻችን የማናውቀው እዚህ ላይ ነው። የውጭ አገር መንጃ ፈቃድ ጀርመን ውስጥ የሚሠራው መኖሪያችሁን እዚህ ካደረጋችሁበት ቀን ጀምሮ ለስድስት ወር ነው። ከአሥራ ሁለት ወር በላይ እንደማትቆዩ ካሳያችሁ ማስረዘም ይቻላል፤ ለመኖር የመጣ ሰው ግን በስድስተኛው ወር ያበቃበታል። ካርዱ ላይ የተጻፈው ቀን ምንም አይለውጥም። ካርዱ እስከ ሁለት ዓመት ይሠራል ቢልም፣ በጀርመን ሕግ ዓይን ያ ሰው በሰባተኛው ወር ያለ ፈቃድ የሚነዳ ሰው ነው። ይህ የትራፊክ ቅጣት ብቻ አይደለም፤ ወንጀል ነው። አውቆ መኪናውን የሰጠውም ሰው በዚያው አንቀጽ ይጠየቃል።

ደግሞ አንዳንድ አገሮች መንጃ ፈቃዳቸው ያለ ፈተና የሚቀየርበት ዝርዝር አለ፤ ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ የኢትዮጵያ ፈቃድ ያለው ሰው የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና መውሰድ አለበት። የሚቀርለት የግዴታ ትምህርት ሰዓቱ ብቻ ነው። የጽሑፉን ፈተና ከጀርመንኛ ሌላ በአሥራ ሁለት ቋንቋዎች መውሰድ ይቻላል፤ እንግሊዝኛና ዓረብኛ አሉበት፣ አማርኛ የለበትም። ሰው ቋንቋውን እስኪለምድ እያለ ሲያዘገየው ስድስቱ ወር ሳይታወቅ ያልፋል። የመዘግየቱን ምክንያት እረዳለሁ፤ እኔም አዘግይቼ ነበር። ግን ሳልነዳ ነው ያዘገየሁት።

ስለ ጊዜ ማለፍ ካነሳን አይቀር፣ ተቃራኒውንም ስሕተት ልንገራችሁ። አንዳንድ ሰው የጀርመን ካርዱ ላይ ያለው ቀን ሲያልፍ ይደነግጣል። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2013 መጀመሪያ ወዲህ የተሰጡ ካርዶች የአሥራ አምስት ዓመት ገደብ አላቸው። ካርዱ ሲያልቅ ግን የሚያልቀው ካርዱ ነው እንጂ የተራ መኪና የመንዳት ፈቃዱ አይደለም። ጀርመንኛው ራሱ ሁለት ቃል አለው፤ ፉይረርሻይን ካርዱ ነው፣ ፋርኤርላውብኒስ መብቱ ነው። በተራ መኪና ካርዱ ያለፈበት ሰው ትንሽ የገንዘብ ቅጣት ይከፍላል፤ ኢንሹራንሱ ግን ፈቃድ የለህም ሊለው አይችልም። የጭነት መኪናና የአውቶቡስ ምድቦች ግን ሌላ ናቸው። እዚህ መብቱ ራሱ በየአምስት ዓመቱ ያበቃል፤ የጤና ምርመራ አድርጎ ማሳደስ ያስፈልጋል። በመካከላችን አውቶቡስና ካሚዮን የሚነዱ ብዙ ናቸውና ካርዳችሁን አውጡና ከጀርባው ሠንጠረዡ ላይ በየምድቡ አጠገብ የተጻፈውን ቀን እዩ። ከፊት ያለው ቀን የካርዱ ነው፤ ከጀርባ ያለው የመብቱ ነው።

ወደ ጋሼ ሒሳብ እንመለስ። ኢንሹራንሱ 11,000 ዩሮውን በሙሉ ለምን አልጠየቀም? ሕጉ ጣሪያ ስላበጀለት ነው። ከአደጋው በፊት ለሚፈጸም ጥፋት፣ ማለትም ያለ ፈቃድ መንዳት፣ ሰክሮ መንዳት፣ መኪናውን ከውሉ ውጭ ለሆነ ሥራ ማዋል፣ ያልተፈቀደ የመኪና ውድድር፣ ኢንሹራንሱ ከአንድ ሰው መልሶ መጠየቅ የሚችለው ቢበዛ 5,000 ዩሮ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ ሰው አካለ ጎደሎ ቢሆን ካሳው ሚሊዮን ሊገባ ይችላል፣ አጥፊውን ዕድሜ ልኩን ባለዕዳ ማድረግ አልተፈለገም። መኪናውን በወንጀል ያገኘ ሰው፣ ለምሳሌ ሌባ፣ ግን ይህ ጣሪያ አይጠብቀውም።

«ከአንድ ሰው» ያልኩትን ልብ በሉ። ጣሪያው ለእያንዳንዱ ነው። ልጁም ደብዳቤ ደርሶታል፣ ጋሼም ደርሶታል። አምስት ሺህ ከዚያ፣ አምስት ሺህ ከዚህ።

ሁለቱ ግን እኩል አልነበሩም። ሕጉ ጥፋትን በሦስት ደረጃ ያየዋል። አውቆ የተደረገ ከሆነ ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ይወድቃል። ከባድ ቸልተኝነት ከሆነ እንደ ጥፋቱ ክብደት ይቀነሳል። ቀላል ቸልተኝነት ከሆነ ምንም አይነካም። መኪናውን ያዋሰው ሰው ደግሞ የሚጠየቀው እሱም ራሱ ካጠፋ ወይም በጥፋቱ ነገሩን ካመቻቸ ብቻ ነው። ልጁ «ስድስት ወሩን አላውቅም ነበር» አለ። ኢንሹራንሱም «በአዲስ አገር መኪና የሚነዳ ሰው መጠየቅ ነበረበት፤ ከባድ ቸልተኝነት ነው» ብሎ ጥፋቱን ግማሽ አደረገለት። ልጁ ደስ አለው፤ ግማሽ ማለት 2,500 የሚሆን መስሎት። አይደለም። በተለመደው አሠራር ግማሹ የሚሰላው ከጣሪያው ሳይሆን ከጠቅላላው ጉዳት ነው። የ11,000 ግማሽ 5,500 ነው፤ ይህ ከጣሪያው ስለሚበልጥ 5,000ው እንዳለ ቆመ። ቅናሹ የሚጠቅመው ጉዳቱ ትንሽ ሲሆን ነው። በወር 200 ዩሮ እየከፈለ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ይፈጅበታል።

የጋሼ ጠበቃ የተከራከረው በሌላ መንገድ ነው። ጋሼ ካርዱን አይቷል፤ ካርዱ ቀኑ አላለፈም። ሕጉን ባለማወቁ ቢጠየቅ እንኳ ቀላል ቸልተኝነት ነው የሚል ነው። ኢንሹራንሱ ደግሞ የከተማው ምዝገባ ላይ ጋሼ ራሱ የፈረመበትን ወረቀት አወጣ፦ «ልጁ መቼ እንደገባ ታውቅ ነበር።» በመጨረሻ በ2,000 ዩሮ ተስማሙ። የራሱ መኪና ጥገና ላይ ካስኮው ግማሹን 3,400 ከፈለ፤ የቀረው 3,400 ከኪሱ ወጣ። ለአንድ ጠዋት መኪና ማዋስ 5,400 ዩሮ፤ የጠበቃው ሳይቆጠር።

አንድ ሰው ሊጠይቀኝ ነው፦ «ልጁ አሥራ ሁለት ዓመት ነድቷል፤ የፈቃዱ መጉደል ለአደጋው ምን አገናኘው?» ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሕጉም ቦታ ሰጥቶታል። ጥፋቱ ለአደጋው ምክንያት እንዳልሆነ ማስረዳት ከቻላችሁ ኢንሹራንሱ ሊጠይቃችሁ አይችልም። ማስረዳት ያለባችሁ ግን እናንተ ናችሁ፤ «ልምድ አለኝ» ማለትም አይበቃም። ማሳየት ያለባችሁ ፈቃድ ያለው ጥንቁቅ ሰው ቢነዳ ኖሮም አደጋው መድረሱ እንደማይቀር ነው። ሌላው ሰው ቀይ መብራት ጥሶ ከጎን ቢገባባችሁና ምስክር ቢኖር ይህ ይሠራል። የቆመ መኪና ከኋላ ለገጨ ሰው አይሠራም።

አሁን ወደ መጠጡ። ስለ 0.5 ሁላችሁም ሰምታችኋል። በደም ውስጥ 0.5 ፕሮሚል አልኮል ከተገኘ ለመጀመሪያ ጊዜ 500 ዩሮ፣ ሁለት ነጥብ፣ የአንድ ወር የመንዳት እገዳ። ከዚህ የተነሣ ከ0.5 በታች ከሆንኩ ችግር የለም የሚል እምነት አለ። ለኢንሹራንሱ ግን ይህ ቁጥር ምንም አይደለም። የውሉን አንቀጽ ብታነቡት ቁጥር አታገኙበትም፤ የሚለው «በአልኮል ወይም በሌላ አስካሪ ነገር ምክንያት መኪናውን በደህና መንዳት የማይችል ሰው አይንዳ» ነው። ሌላ አስካሪ ነገር ሲል ጫትም ከዚያ ውጭ አይደለም።

ፍርድ ቤቶች ይህን የሚያነቡት እንዲህ ነው። ከ1.1 ፕሮሚል ጀምሮ ሰውየው መንዳት እንደማይችል ይቆጠራል፤ ክርክር የለም፣ ጥሩ ነድቻለሁ ማለትም አይሰማም። ከ0.3 እስከ 1.1 ባለው ግን ሌላ ምልክት ይፈለጋል፦ መኪናው መስመሩን እየለቀቀ ሲሄድ ታይቷል ወይ? ቀላል መታጠፊያ ላይ ከመንገድ ወጥቷል ወይ? ያለ ምክንያት የቆመ መኪና ገጭቷል ወይ? በ0.4 ፕሮሚል መታጠፊያ ስቶ ዛፍ የገጨ ሰው፣ ፖሊሱ 500 ዩሮውን ባይቀጣውም፣ ወንጀልም የኢንሹራንስ ጥፋትም ሊሆንበት ይችላል። ፈቃድ ካገኘ ሁለት ዓመት ያልሞላው ወይም ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ሰው ደግሞ የሚፈቀድለት ዜሮ ነው።

ከእኛ ልማድ ጋር የሚጋጨው ሌላው ነገር ማግስቱ ነው። ሰርግ ላይ የቤት ጠጅ ሲቀዳ ጠርሙሱ ላይ የአልኮል መጠን የተጻፈ ነገር የለም፤ ብርሌው ስንት ጊዜ እንደተሞላም የሚቆጥር የለም። አንድ ሰው ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መጠጡን ሲያቆም 1.5 ፕሮሚል ነበረው እንበል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ስድስት ሰዓት ተኝቶ፣ ቡና ጠጥቶ፣ ሻወር ወስዶ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል። ሰውነት አልኮልን የሚያወጣው በሰዓት ከ0.1 እስከ 0.2 ፕሮሚል ነው፤ ቡናም ሻወርም ይህን አያፈጥኑትም። በ0.15 ብናሰላው በስድስት ሰዓት 0.9 ወጥቶለታል፤ 0.6 ይቀረዋል። ቀስ ብሎ የሚያወጣ ሰውነት ከሆነ ደግሞ 0.9 ይቀረዋል። ሰውየው ደህና ነኝ ብሎ ያስባል፤ የሚዋሽ አይደለም፣ እውነት ደህና ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው።

ሰክሮ መንዳት በሃፍትፍሊኽቱ በኩል ያው 5,000 ጣሪያ አለው። ሰው ይህን ሲሰማ «ከፋም ቢባል አምስት ሺህ ነው» ይላል። ካስኮውን ግን ረስቶታል፤ በካስኮ ጣሪያ የሚባል ነገር የለም። ብዙ ኩባንያዎች በውላቸው «ከባድ ቸልተኝነት ቢኖርም እንከፍላለን» ይላሉ፤ ሻጩም ይህን ደጋግሞ ያነሳላችኋል። ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ስርቆትን በቸልተኝነት ማመቻቸትና አልኮል በአብዛኛው ከዚያ ውጭ ተደርገው ይገኛሉ። የጀርመን ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2011 እንደወሰነው፣ መንዳት በማይችልበት ደረጃ የሰከረ ሰው ክፍያው እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። በተግባር ከ1.1 በላይ ከሆነ ምንም አትጠብቁ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ቅናሹ እንደ መጠኑ ይከብዳል። መኪናው በባንክ ብድር የተገዛ 18,000 ዩሮ የሚያወጣ ከሆነ፣ መኪናው ይሄዳል፣ ብድሩ ይቀራል። አብሮት የተሳፈረውም ሰው ሹፌሩ መስከሩን እያወቀ ከገባ ለደረሰበት ጉዳት የሚያገኘው ካሳ ይቀነሳል። ይህን ተሳፋሪዎች አያውቁትም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥፋት የመጠጡ ልጅ ነው፤ መሸሽ። ሌሊት የቆመ መኪና ገጭቶ፣ ፖሊስ ቢመጣ ያስነፋኛል ብሎ ፈርቶ ወደ ቤት መሄድ። ወይም ወረቀት ላይ ስልኩን ጽፎ መስታወቱ ላይ ሰክቶ መሄድ። ወረቀቱ አይበቃም፤ ተገቢ ጊዜ መጠበቅ ወይም ፖሊስ መጥራት ያስፈልጋል። ይህ ከአደጋው በኋላ የሚፈጸም ሌላ ጥፋት ስለሆነ የራሱ ጣሪያ አለው፤ በተለመደው ጊዜ 2,500 ዩሮ፣ አውቆ የተደረገና ከባድ ሲሆን 5,000። ያው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2005 ሁለቱ ጣሪያዎች ሊደመሩ እንደሚችሉ ወስኗል። ሰክሮ ገጭቶ የሸሸ ሰው፣ ቢቆይ ኖሮ 5,000 የሚጠየቀው፣ 10,000 ሊጠየቅ ይችላል። ለኢንሹራንሱ በሚሞላው ቅጽ ላይ «ሹፌሩ ማን ነበር?» ለሚለው የሚስትን ስም መጻፍም ከዚሁ የሚመደብ ነው፤ ለማጭበርበር ከሆነማ የተገኘው ጥቅም በሙሉ ይመለሳል።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ እሱም ማንም እንደ ጥፋት የማይቆጥረው ነው። እስካሁን የተናገርኩት የ5,000 ጣሪያ ለመጥፎ አነዳድ ነው እንጂ ላልተከፈለ አረቦን አይሠራም። ይህን ነገር መዝገብ ላይ ሳየው ሁልጊዜ ይደንቀኛል፤ ሰክሮ ሰው የገጨው 5,000 ሲጠየቅ፣ አረቦኑ ያልተከፈለበት ጨዋ ሰው ሙሉውን ይጠየቃል።

እንዴት እንደሚሆን ላሳያችሁ። መኪና ስትገዙ ኢንሹራንሱ ኤፋውቤ የሚባል ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው ኮድ ይልክላችኋል፤ በዚያ መኪናውን ታስመዘግባላችሁ፣ ሽፋኑም ይጀምራል። ያ ሽፋን ጊዜያዊ ነው። የመጀመሪያው አረቦን በጊዜው ካልተከፈለና ጥፋቱ የእናንተ ከሆነ፣ ጊዜያዊው ሽፋን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዳልነበረ ሊሆን ይችላል። ቀጣዮቹ አረቦኖች ላይ ደግሞ ኢንሹራንሱ ቢያንስ የሁለት ሳምንት ጊዜ ሰጥቶ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፤ ሁለት ሳምንቱ ካለፈ በኋላ ሽፋኑ ይወድቃል። በሁለቱም መንገድ ለተጎጂው ይከፈላል፤ ከእናንተም የወጣው በሙሉ ይጠየቃል።

አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ቤት መቀየር ነው። ባንኩ ተቀይሯል፣ ክፍያው ተመልሷል፣ ማስጠንቀቂያው በአሮጌው አድራሻ ሄዷል። «ደብዳቤው አልደረሰኝም» ማለትም ሁልጊዜ አያድንም፤ አድራሻ መቀየራችሁን ካላሳወቃችሁ፣ ኢንሹራንሱ በሚያውቀው አድራሻ አደራ ደብዳቤ ከላከ ከሦስት ቀን በኋላ እንደደረሳችሁ ይቆጠራል።

ንግግሬን ስጨርስ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ። ልጃቸው ከሦስት ዓመት በፊት አደጋ አድርሶ ነበር፤ ደብዳቤው አሁን ነው የመጣው፤ «ጊዜው አላለፈበትም ወይ?» አሉኝ። ደብዳቤውን በስልካቸው አሳዩኝ። ይርጋው ሦስት ዓመት ነው፤ መቆጠር የሚጀምረው ግን አደጋው ከደረሰበት ቀን አይደለም፣ ለተጎጂው ክፍያ ከተፈጸመበት ዓመት መጨረሻ ነው። ለተጎጂው የመጨረሻው ክፍያ የወጣው ከአደጋው አንድ ዓመት በኋላ ስለነበረ ገና አላለፈም። ከደብዳቤው በታች ግን ሒሳቡ በዝርዝር አልተጻፈም ነበር፤ ለማን፣ መቼ፣ ስንት እንደተከፈለ የሚያሳይ ነገር የለም። «እማማ፣ ልጅዎ እስካሁን ምንም አልፈረመም?» አልኳቸው። አልፈረመም። እንግዲያውስ ከመክፈሉም ከመፈረሙም በፊት የክፍያውን ዝርዝርና የፖሊሱን መዝገብ በጽሑፍ ይጠይቅ አልኳቸው፤ ሰኞ ጠዋት አብረን ጻፍነው።